«ዕቃዎ ይዘገያል» ብሎ ለደንበኛ መጻፍ፦ ቀኑ፣ ቀብዱ እና ካሳው

ከጥቂት ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ቁም ሳጥን አዝዤ ነበር። ግማሹን ከፈልኩ፣ ቀን ተቆረጠልኝ። ቀኑ ሲደርስ ደወልኩ። «ነገ ጠዋት ይደርሳል» አሉኝ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቤት ዋልኩ፤ አልመጣም። እንደገና ደወልኩ፤ እንደገና «ነገ»። እንዲህ እያልን ሦስት ቀን ከሥራ ቀረሁ። ቁም ሳጥኑ የመጣው ከቀጠሮው በ23ኛው ቀን ነው።

ዕቃው ጥሩ ነው፣ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ግን ለዚያ ቤት አንድም ሰው ጠቁሜ አላውቅም። ያናደደኝ 23ቱ ቀን አይደለም። በመጀመሪያው ቀን «ሦስት ሳምንት ይቆያል» ቢሉኝ ኖሮ ልብሴን በካርቶን አድርጌ ሥራዬን እሠራ ነበር። የወሰዱብኝ እነዚያን ሦስት ቀኖች ነው።

ይህን የምጽፈው ቀብድ ተቀብላችሁ ዕቃ ለምታደርሱ ሰዎች ነው። እንጨት ሠሪ፣ የብረት በር ሠሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ በቴሌግራም ትዕዛዝ የሚቀበል ነጋዴ ሁሉ አንድ ቀን መዘግየቱ አይቀርም። በዚያ ቀን ለደንበኛው የምትጽፉት ጽሑፍ ምን መያዝ አለበት? ካሳውስ እንዴት ይሰላል? አንድ ምሳሌ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሂድበት።

የመዘግየት ማሳወቂያ ምንድን ነው?

ሻጩ በተባለው ቀን ማስረከብ እንደማይችል ሲያውቅ ለገዢው የሚልከው አጭር መልእክት ነው። ወረቀት ሊሆን ይችላል፣ የስልክ መልእክት ሊሆን ይችላል። ዋናው ሥራው ይቅርታ መጠየቅ ይመስላል፤ አይደለም። ዋናው ሥራው ገዢው የራሱን ኑሮ እንደገና እንዲያቅድ ማስቻል ነው።

የደብረ ብርሃን መናኸሪያን አስቡት፣ በጥር ብርድ፣ ሊነጋጋ ሲል። አንዱ ረዳት «ገባ ገባ በሉ፣ አሁን ይነሳል!» እያለ አንድ ሰዓት ተኩል ያስቀምጣችኋል። ሌላው «መኪናው የሚነሳው 2 ሰዓት ተኩል ነው» ይላችኋል። የሁለቱም መኪና የሚነሳው እኩል ነው። የሁለተኛው ተሳፋሪ ግን ሻይ ጠጥቶ፣ እጁን አሙቆ ይመለሳል። የመጀመሪያው ተሳፋሪ ወንበሩ ላይ ደርቆ ይጠብቃል፣ ሊወርድም ይፈራል። ማሳወቂያ ማለት የሁለተኛው ረዳት ንግግር ነው።

ምሳሌያችን

ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እንበል። ታሪኩ ለማስረዳት የተሠራ ነው፤ ዋጋውም ለስሌት እንዲመች የተቀመጠ ነው። ቤቱ 12 ትዕዛዝ ይዟል። ከፊሉ እዚያው ከተማው ውስጥ የሚደርስ ነው። ሌላው ወደ ሸኖ፣ ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ ነው። እያንዳንዱ ትዕዛዝ አልጋና ቁም ሳጥን ነው፤ ዋጋው 60,000 ብር። ሁሉም ደንበኞች ግማሹን፣ 30,000 ብር፣ አስቀድመው ከፍለዋል። ለሁሉም የተባለው ቀን ጥር 9 ነው።

ኤምዲኤፉ፣ ማለትም የተጨመቀው የእንጨት ሰሌዳ፣ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ታኅሣሥ 26 አቅራቢው ይደውላል። «ጭነቱ ከገና በፊት አይነሳም፤ እናንተ ጋ የሚደርሰው ጥር 5 ነው» ይላል። ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቱ አንድ ነገር ያውቃል፤ በአራት ቀን ውስጥ 12 አልጋና 12 ቁም ሳጥን አይወጣም።

መቼ ነው መንገር ያለብኝ?

ያንኑ ዕለት፣ ቢበዛ በማግስቱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። «ምናልባት ቀድሞ ይገባ ይሆናል፤ ለምን አስቀድሜ አስደነግጣቸዋለሁ?» ይላል። ከዚያ ጥር 8 ማታ ይደውላል፣ ወይም ጥር 9 ደንበኛው ራሱ ይደውላል።

ከታኅሣሥ 26 እስከ ጥር 9 ድረስ 13 ቀን አለ። እነዚያ 13 ቀኖች የደንበኛው ናቸው። ከደንበኞቹ አንዷ ጥር 18 ሠርጓ ነው። ታኅሣሥ 26 ከሰማች አልጋ ለመዋስም፣ ሌላ ቤት ሄዳ ለመግዛትም ጊዜ አላት። ጥር 9 ከሰማች ከተራ በማግስቱ ነው። ማንን ታገኛለች? የመዘግየቱ ቀን ቁጥር በሁለቱም በኩል አንድ ነው። ጉዳቱ ግን አንድ አይደለም።

ገና እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ ለምሳሌ አቅራቢው «ሊዘገይ ይችላል» ብቻ ካለ፣ ለሁሉም መጻፍ አያስፈልግም። ቀኑ ለሚያንገበግባቸው ሰዎች፣ ለሠርገኞች ወይም ቤት ለሚለቁ፣ በስልክ ንገሩ። «እስካሁን እርግጥ አይደለም፤ ታኅሣሥ 30 ቁርጡን እነግርሻለሁ» ይበቃል። ታኅሣሥ 30 ግን መደወል አለባችሁ፣ ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም።

አዲሱ ቀን እንዴት ይወጣል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እምነት የሚሰበረው በመጀመሪያው መዘግየት አይደለምና። ሁለተኛው ቀን ሲያልፍ ነው የሚሰበረው። አንዴ የዘገየን ሰው ይታገሡታል። «ጥር 14 ይደርሳል» ብሎ ጥር 14ንም ያሳለፈውን ግን ከዚያ በኋላ የሚያምነው የለም።

ባለቤታችን መጀመሪያ ጣቱን ቆጥሮ «ኤምዲኤፉ ጥር 5 ከገባ፣ ሥራው ስድስት ቀን ነው፣ አንድ እሑድ አለ፣ ሁለት ቀን ለመኪና፤ ጥር 14 አደርሳለሁ» አለ። ይህ ምንም ነገር ካልተበላሸ የሚሆን ቀን ነው። አሁን ከቀን መቁጠሪያው ጋር እንየው።

ሥራው ጥር 6 ይጀመራል። 6፣ 7፣ 8፣ 9፤ አራት የሥራ ቀን። ጥር 10 ከተራ ነው፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ። በእነዚህ ሦስት ቀኖች ደብረ ብርሃን ውስጥ መጋዝ የሚያስነሳ ሠራተኛ አታገኙም። 13 እና 14 ሲጨመር ስድስቱ ቀን ይሞላል። በመሐሉ አንድ እሑድ ስላለ ሥራው የሚያልቀው ጥር 15 ነው።

ከዚያ ቫርኒሹ መድረቅ አለበት። ይህን ከሌላ አገር የመጣ ሰው አያስበውም። በዚህ ወቅት ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ብርድ ቫርኒሽን ያዘገያል። ቆላ በአንድ ቀን የሚደርቀው እኛ ጋ ሦስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። መድረቁን ለማወቅ የማይታይ ጥግ ፈልጉ፣ የቁም ሳጥኑን የጀርባ ጠርዝ ለምሳሌ። አውራ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ አንሱ። አሻራ ከቀረ አልደረቀም። እንዲያ እያለ በካርቶን ጠቅልላችሁ አይሱዙ ላይ ከጫናችሁት ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ሲወርድ ይፋተጋል። ካርቶኑም ፊቱ ላይ ይጣበቃል። ያኔ ደንበኛው ዘግይቶም ተበላሽቶም ይደርሰዋል።

ስለዚህ ጥር 16፣ 17 እና 18 ለማድረቂያ፤ 19 ለመጫን። በዚህ ላይ ሁለት ቀን መጠባበቂያ እንጨምር። አይሱዙ ሊበላሽ ይችላል፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ ሹፌሩ ሊያድር ይችላል። ጥር 21 ይሆናል። ጥር 21 ግን አስተርእዮ ማርያም ናት፣ በማግስቱ ደግሞ ኡራኤል ነው። ጫኝና አውራጅ አይሟላም። ለደንበኛው የሚጻፈው ቀን ጥር 23 ነው።

«ጥር 14» እና «ጥር 23» መካከል ዘጠኝ ቀን አለ። «ሁለት ሳምንት ይዘገያል ካልኳቸው ይሸሹኛል» የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት መጠበቅ የማይችል ሰው ጥር 14 ላይም ይሸሻል፤ ያኔ ግን ተቆጥቶ ነው። አጻጻፉም «ጥር 23 አካባቢ» አይሁን። «እስከ ጥር 23 ድረስ» ይሁን። ጥር 20 ካደረሳችሁ ማንም አይቀየማችሁም።

ምክንያቱን ምን ያህል ላብራራ?

አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት። ደንበኛው ጭነቱ ለምን እንደቆመ ዝርዝሩን አይፈልግም። ምክንያቱ እውነት መሆኑንና ነገሩ የተያዘ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል።

ሁለት አባባሎችን ግን ብትተዉ ደስ ይለኛል። አንደኛው «ለተፈጠረው መዘግየት ይቅርታ እንጠይቃለን» ነው። ማን ፈጠረው? ዓረፍተ ነገሩ ሠሪውን ደብቋል፤ አንባቢም ይህን ወዲያው ያየዋል። «ዘግይተናል» በሉ። አንድ ቃል ነው፣ ሰው አለበት።

ሁለተኛው «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ነው። ይህ የአክብሮት ንግግር ይመስላል እንጂ የሕግ ትርጉም ያለው ቃል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውሉን ያልፈጸመ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ካሳ ይከፍላል ይላል። የሚድነው ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካገደው ነው። አንቀጽ 1792 ይህን ሲተረጉም ሁለት ነገር ይጠይቃል። ነገሩ በተለምዶ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆን አለበት። ግዴታውንም ፈጽሞ የሚያግድ መሆን አለበት፤ ማክበዱ ብቻ አይበቃም።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 1793 ምሳሌዎች ይሰጣል፤ የተፈጥሮ አደጋ፣ ጦርነት፣ ውሉን እንዳይፈጸም የሚያደርግ የመንግሥት ክልከላ፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም። አንቀጽ 1794 ደግሞ የማይቆጠሩትን ይናገራል። የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ከነዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ «ኤምዲኤፍ ስለተወደደ ነው የዘገየነው» የሚል ሻጭ ሕጉ አይደግፈውም። መንገዱ በባለሥልጣን ትእዛዝ ከተዘጋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የእኛ ባለቤትስ? ገና ሲደርስ ጭነት እንደሚጨናነቅ በየዓመቱ የሚታይ ነገር ነው። አስቀድሞ ሊታሰብ ይችል ነበር። እሱ «ከአቅም በላይ» ብሎ ቢጽፍ፣ ኅዳር ላይ ለምን አላዘዝክም የሚል ደንበኛ ይመጣበታል፤ ጥያቄውም ልክ ነው።

ቀብዱስ ምን ይሆናል?

ደንበኛው ከቀኑ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የማይጻፈው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንዱ ቀብድ ነው፤ ውሉ መታሰሩን የሚያስረዳ መያዣ። ሌላው ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ የዋጋው ከፊል አስቀድሞ ሲከፈል። በአፋችን ሁለቱንም «ቀብድ» እንላለን። ሕጉ ግን ቀብድን ለብቻው ያየዋል። በአንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። የተቀበለውም ማፍረስ ይችላል፤ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ልብ በሉ፣ እጥፍ የሚባለው ተቀባዩ ራሱ ውሉን ሲያፈርስ ነው። መዘግየት ብቻውን ማፍረስ አይደለም። ይሁን እንጂ «ጥሬ ዕቃ ስለጠፋ ትዕዛዝዎን ሰርዘናል» ብሎ የጻፈ ሻጭ፣ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» የሚል ካለ፣ ደንበኛው እጥፉን ቢጠይቀው መገረም የለበትም።

በተግባር የሚበጀው ግልጽ ነው። ደረሰኝ ስትቆርጡ ገንዘቡ ምን እንደሆነ ጻፉ። ማሳወቂያው ላይ ደግሞ «ላይጠብቁን ከመረጡ የከፈሉት 30,000 ብር ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» ብላችሁ ጻፉ። ሻጩ ዘግይቶ ሳለ ደንበኛው «ከተውከው ቀብድህ ይቀራል» ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ ግፍ ነው። ቀኑን ያሳለፈው ሻጩ ነው።

ፍትሐዊ ካሳ ስንት ነው?

ብዙ ሻጭ ወይ ምንም አይሰጥም፣ ወይ ደንግጦ ለሁሉም እኩል ይቀንሳል። ሁለቱም ስሌት አይደሉም። መነሻው «መዘግየቱ ይህን ሰው ምን አስወጣው?» የሚለው ነው።

ባለቤታችን ከአንድ ትዕዛዝ 9,000 ብር ያተርፋል እንበል፤ ከ12ቱ 108,000። ለሁሉም 5 በመቶ ቢቀንስ ለእያንዳንዱ 3,000፣ በድምሩ 36,000 ብር ይሆናል። የትርፉ ሲሶ ሄደ። ሠርገኛዋ ግን አሁንም አልጋ የላትም። 3,000 ብር ለእሷ ምንም አልፈታላትም።

አሁን በሌላ መንገድ። ከ12ቱ ሦስቱ ሠርገኞች ናቸው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ለሦስት አልጋ የሚበቃ ጣውላ አለ። ስለዚህ የሦስቱ አልጋ ቀድሞ ይሠራል፣ በተባለው ቀን ጥር 9 በተለየ መኪና ይደርሳል፤ ቁም ሳጥኑ ይከተላል። ለተለየው ጉዞ በአማካይ 2,500 ብር ቢወጣ፣ ለሦስቱ 7,500 ነው። ለ12ቱም ደግሞ ደንበኛው ሊከፍል የነበረውን የማጓጓዣና የጫኝ አውራጅ ዋጋ፣ 1,500 ብር እንበል፣ ሻጩ ይሸፍናል፤ 18,000። ጠቅላላው 25,500 ብር። ከመጀመሪያው 10,500 ብር ያነሰ ነው፤ ሁሉም ግን የጎደለበትን አግኝቷል።

የሚቀረው ሻጩ በሁለተኛው ቀን ላይ ራሱን የሚያስርበት ነው። «ከጥር 23 ካለፍን በየቀኑ 300 ብር ከቀሪው ሂሳብ ይቀነሳል፤ አሥር ቀን ካለፈ ገንዘብዎን ወስደው ውሉን መተው ይችላሉ።» ጣሪያው 3,000 ብር ነው፤ ሻጩን አይጥለውም። ደንበኛው ግን አዲሱ ቀን ከበፊቱ የተለየ መሆኑን ከዚህ ያውቃል።

«በሚቀጥለው ግዢዎ 10 በመቶ ቅናሽ» የሚለውን ግን እንደ ካሳ አትቁጠሩት። አልጋ በየዓመቱ አይገዛም። የተጎዳን ሰው ካሳህን ለማግኘት እንደገና ክፈል ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ተመላሽ ገንዘብ ቃል ስትገቡ ሣጥናችሁን እዩ። ከ12ቱ ደንበኞች 360,000 ብር ተሰብስቧል፤ አብዛኛው ግን አቅራቢው እጅ ገብቷል። ሁለት ሰው ብቻ «መልሱልኝ» ቢል 60,000 ብር ያስፈልጋል። እጃችሁ ላይ 40,000 ካለ «ወዲያውኑ እንመልሳለን» አትጻፉ። «በ7 ቀን ውስጥ» ብላችሁ በአምስተኛው ቀን መልሱ። የተባለው ቀን ያለፈበት ተመላሽ ከዘገየ ዕቃ የበለጠ ስም ያጠፋል፤ ያኔ ሰው «ዘገየ» አይልም፣ «በላ» ይላል።

ጽሑፉ ራሱ ምን ይመስላል?

ለአንዷ ሠርገኛ የሚላከው እንዲህ ሊሆን ይችላል።

> ወይዘሪት ……፣
>
> ጥር 9 እናደርስልዎታለን ካልነው ውስጥ ቁም ሳጥኑ በዚያ ቀን አይደርስም። ዘግይተናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።
>
> ከአዲስ አበባ ያዘዝነው ኤምዲኤፍ የሚገባው ጥር 5 ነው፤ በጊዜ ባለማዘዛችን የመጣ ነው። ቁም ሳጥኑን እስከ ጥር 23 ድረስ ቤትዎ እናደርሳለን። ሠርግዎ ጥር 18 መሆኑን ስለምናውቅ አልጋውን ለብቻው ቀድመን ሠርተን ጥር 9 እናመጣለን። የሁለቱንም ጉዞ ማጓጓዣና ጫኝ አውራጅ የምንከፍለው እኛ ነን።
>
> ከጥር 23 ካለፍን በየቀኑ 300 ብር ከቀሪ ሂሳብዎ እንቀንሳለን።
>
> ይህ የማይመችዎት ከሆነ የከፈሉትን 30,000 ብር በሙሉ፣ ከጠየቁበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ በባንክ ሂሳብዎ እንመልሳለን።
>
> የመረጡትን እስከ ጥር 2 ይንገሩን። መልስዎን ካልሰማን እኛ ራሳችን እንደውላለን። ስልክ ……፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት፤ የሚያነሳው ባለቤቱ ነው።

«ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል አላስገባሁም። ገና አልታገሠችም፤ እንድትታገሥ እየተጠየቀች ነው። ምስጋናው ከተስማማች በኋላ ይምጣ።

መጨረሻ አካባቢ ያለውንም ልብ በሉ። «መልስ ካልሰጡ እንደተስማሙ እንቆጥራለን» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። በሕጋችን ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም፤ አንቀጽ 1682 ይህን በመርሕ ደረጃ ያስቀምጣል። አዲሱ ቀን የሁለታችሁ ቀን የሚሆነው እሷ «እሺ» ስትል ነው። ስለዚህ «እሺ» የሚለውን መልእክት አስቀምጡት፣ አታጥፉት።

ለሁሉም በቴሌግራም ብልክስ?

ለሚያነብ ይላክ። ለማያነብ ግን ተልኳል ማለት ደርሷል ማለት አይደለም። መሐል ሜዳ ያሉት እናት ያዘዙት ለልጃቸው ነው፤ ስልካቸው ቁልፍ ያለው ነው፣ መልእክት የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። እሳቸው ጋ ይደወላል። «እትዬ፣ ጥር 9 አመጣለሁ ያልኩዎት ዕቃ አይደርስልኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከ ጥር 23 ቤትዎ ድረስ አመጣዋለሁ፣ የመኪናውን አይከፍሉም። አይሆንም ካሉ ገንዘብዎን ልመልስ፤ የቱ ይሻልዎታል?» ከዚያ ዝም ብሎ መስማት ነው። ይቆጣሉ። ይቆጡ። እስኪጨርሱ አቅራቢውን መውቀስ አትጀምሩ።

ከስልኩ በኋላ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ስም፣ የተደወለበት ቀንና ሰዓት፣ የመረጡት፣ አዲሱ ቀን። ረዳቱ ሠራተኛ ስልክ ቢያነሳ ያንኑ ደብተር አይቶ ይመልስ። እኔን «ነገ» እያሉ ያስቀመጡኝ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም ነበር።

እስከ አዲሱ ቀን ድረስ ዝም ልበል?

አንድ ጊዜ በመሐል ተናገሩ። ጥር 6 ጠዋት ኤምዲኤፉ ሲቆረጥ ፎቶ አንሱ፤ ጣውላው ላይ የደንበኛዋ ስም በጠመኔ ተጽፎ ይታይ። «ገብቷል፣ ተጀምሯል፣ ጥር 23 እንደተባለው ነው» ብቻ በሉ። ከዚያ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

ኤምዲኤፉ ጥር 5 ካልገባ ደግሞ ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መናገር አለባችሁ፤ መጠባበቂያው ሁለት ቀን ብቻ ነውና። ያኔ የሚጻፈው ያጠረ ነው። አዲስ ቀን፣ የተቀናሹ ገንዘብ መጠን፣ እና ተመላሹ አሁንም እንዳለ።

ዕቃው ሲደርስ፣ በዋዜማው ደውላችሁ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ከደብረ ብርሃን እንነሳለን፤ ቤት ሰው ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀሪውን 30,000 ስትቀበሉ የቀነሳችሁትን በደረሰኙ ላይ በግልጽ ጻፉ። ጥር 25 ከሆነ ሁለት ቀን፣ 600 ብር ተቀንሶ 29,400። ደንበኛዋ አስታውሳ እንድትጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ ስሌቱን እናንተ አስቀድማችሁ ሠርታችሁ አምጡላት።